ቀሪ ክፍያ የሚያጓትት ደንበኛ ሲገጥማችሁ፦ ከአንድ የብረት በር ሠሪ

ሐሙስ ጥር 9 ቀን 2016 ዓ.ም. ከሰዓት በኋላ አንድ የግቢ በር ጭነን ሄድን። መኪና የሚያስገባ ባለ ሁለት ተከፋች በር ነው። የተስማማንበት ዋጋ 96,000 ብር። ቀብድ የተቀበልኩት 40,000። የላሜራው፣ የቱቦላሬው፣ የቁልፉና የቀለሙ ወጪ ብቻ 54,000 ብር ደርሶ ነበር። ሰውየው ቤት ሠርግ አለ፤ እሁድ ጥር 12 ነው ሠርጉ። «በሩ ዛሬ ካልተገጠመ ጉድ ሆንኩ፣ ገንዘቡን ከሠርጉ ማግስት ታገኛለህ» አለኝ። እዚያው ቆሞ 20,000 በቴሌብር ላከልኝ። እኔም አፈርኩ። የሠርግ ቤት በር ላይ ቆሞ ስለ ብር መከራከር ከበደኝ። ገጥመን፣ ሻይ ጠጥተን፣ «እንኳን ደስ አላችሁ» ብለን ወጣን።

36,000 ብር እዚያ ቤት ቀረ።

ይህን ገንዘብ ለማግኘት ከአምስት ወር በላይ ፈጀብኝ። በዚያ ጊዜ የተማርኩትን ነው ከዚህ በታች በቅደም ተከተል የማስቀምጠው። የኔ ሥራ ብየዳ ነው። ቀለም ለምትቀቡ፣ ጂብሰም ለምትሠሩ፣ የውሃ ቧንቧና መብራት ለምትዘረጉ፣ መጋረጃ ለምትሰፉም አካሄዱ ያው ነው። ሁላችንንም የሚያመሳስለን አንድ ነገር አለ፤ ሥራችን ከደንበኛው ግድግዳ ጋር ከተጣበቀ በኋላ ተመልሶ የእኛ አይሆንም።

አንደኛ፦ ቀብዱ የዕቃውን ወጪ ይሸፍን

ብዙዎቻችን «ግማሽ ቀብድ» እንላለን። ግማሽ ማለት ግን ልማድ ነው እንጂ ሂሳብ አይደለም። መጀመሪያ የዕቃውን ዋጋ ቁጭ ብላችሁ ደምሩ። ቀብዱ ከዚያ ማነስ የለበትም። እኔ 40,000 ስቀበል ከኪሴ 14,000 ጨምሬ የሰውየውን በር ሠራሁ ማለት ነው። ከዚያ የሁለት ረዳቶች የዘጠኝ ቀን አበልና የመኪና ኪራይ አለ። በሩ ሲገጠም በእጄ የገባው 60,000 የዕቃውን ወጪ ሸፍኖ 6,000 ብቻ ተረፈው። ያ ለረዳቶቹም አልበቃም።

አሁን ያንኑ በር ብሠራ ክፍያውን እንዲህ ነው የምከፋፍለው፦ 58,000 ሲታዘዝ፣ 30,000 በሩ ከወርክሾፑ ከመውጣቱ በፊት፣ 8,000 ተገጥሞ ከታየ በኋላ። ደንበኛው የመጨረሻዋን 8,000 መያዙ ተገቢ ነው። በሩ ቢያነክስ መያዣ ይፈልጋል። ለእኔም ብትጠፋ ሱቅ የማታዘጋ ገንዘብ ናት።

በወረቀት ላይ «ቀብድ» የሚለውን ቃል ስትጽፉ ግን አስቡበት። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቀብድ መቀበል ውል መኖሩን ያስረዳል። ይህ ይጠቅማችኋል። በሌላ በኩል ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠው ሰው ውሉን ከተወ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ከተወ ደግሞ እጥፍ ይመልሳል። ሥራውን እንደምትጨርሱት እርግጠኛ ካልሆናችሁ «ቅድሚያ ክፍያ» ብላችሁ ጻፉ።

ሁለተኛ፦ አንድ ገጽ ወረቀት

«እኛ ትንሽ ነን፣ ውል ምን ያደርግልናል» የሚል ሰው ይገጥመኛል። በቃል የተስማማችሁትም ውል ነው። ሕጉ ለእንዲህ ያለ ሥራ የተለየ ጽሑፍ አያስገድድም። ችግሩ ማስረዳቱ ላይ ነው። ከስድስት ወር በኋላ እናንተ «96 ነው ያልነው» ስትሉ እሱ «80 ነው» ይላል። በመሐል የሚፈርድ የለም።

ስለዚህ ከደብተር የተቀደደ ወረቀት ይበቃል። እኔ ካርቦን የሚደረግበት ደብተር ገዝቻለሁ፤ አንዱ ለሱ፣ አንዱ ለኔ። የምጽፈው ይህን ያህል ነው፦

«የግቢ በር፣ ስፋት 3.20 ሜትር፣ ቁመት 2.40 ሜትር፣ ላሜራ 1.5 ሚሊ፣ ፀረ ዝገት ሁለት ጊዜ፣ ቀለም፣ ቁልፍና ማጠፊያ ጨምሮ። ጠቅላላ ዋጋ 96,000 ብር። ዛሬ 58,000 ተቀብያለሁ። 30,000 በሩ ከመጫኑ በፊት፣ 8,000 በተገጠመ ዕለት ይከፈላል። ኮለን ማቆምና ግንብ ማስተካከል በዚህ ዋጋ ውስጥ የለም።»

ከዚያ ቀን፣ የሁለታችን ስም፣ ስልክና ፊርማ። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር እዩአት። ጠቡ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ዋጋው ውስጥ ባልገባው ነገር ነው። ውስጥ ያለውን ብቻ ሳይሆን ውስጥ የሌለውንም ጻፉ።

ደንበኛው መፈረም ከከበደው አትጫኑት። ማታ ይህንኑ ጽሑፍ በቴሌግራም ላኩለትና «ትክክል ነው?» በሉት። «አዎ» ካለ እሱንም አስቀምጡ። ስልክ ስትቀይሩ እንዳይጠፋ ፎቶ አንሱት።

ደንበኛው ድርጅት ከሆነ አንድ ነገር ቀድማችሁ ጠይቁ። ደረሰኝ ይፈልጋል ወይ? ሥራው ካለቀ በኋላ «ደረሰኝ ካላመጣህ ሂሳብ ክፍል አይከፍልም» ሲባል መሄጃ የላችሁም። እሱ አላታለላችሁም፤ እናንተም አልጠየቃችሁም።

ሦስተኛ፦ በሩ ከወርክሾፕ ሳይወጣ

ጉልበት ያላችሁ እዚህ ላይ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ ልመና፣ ሽምግልና እና ፍርድ ቤት ነው።

ቀለሙ ሲደርቅ ደንበኛውን ጥሩት። መጥቶ ይየው፣ ይክፈተው፣ ይዝጋው፣ ቁልፉን ይሞክረው። ደስ ብሎት ሲያይ የሁለተኛውን ክፍያ ጠይቁ። ክፍያው በስልክ ከሆነ የሱን ስክሪንሾት አትመኑ። የተላከ የሚመስል ምስል መሥራት ቀላል ሆኗል። የራሳችሁ ሂሳብ ውስጥ መግባቱን እዩ፤ ከዚያ መኪናው ይጫን።

ሠርግ፣ ልቅሶ፣ በዓል ሲመጣ እንዴት ይሆናል? እንደኔ አታድርጉ። እንዲህ ማለት ይቻላል፦ «ጋሼ፣ በሩን ዛሬ እገጥማለሁ፣ ሠርጉ አይበላሽም። የቀረውን ግን እዚህ ወረቀት ላይ ቀን ጽፈን እንፈርም። የሚያውቅዎት አንድ ሰው እማኝ ይሁነኝ።» የሠርግ ቤት ውስጥ እማኝ አይጠፋም። የዚያን ቀን ይህን ብል ኖሮ ሰውየው አይቀየመኝም ነበር። እኔ ነኝ ያፈርኩት።

አራተኛ፦ ለምን እንዳልከፈለ እወቁ

ቀኑ አለፈ። ገንዘቡ አልመጣም። ወዲያው መጮህ አያስፈልግም። ሦስት ቀን ጠብቁ፤ ከዚያ በአካል ሂዱ። ስልክ ላይ «ነገ እደውልልሃለሁ» ማለት ቀላል ነው። ፊት ለፊት ግን ሰው እውነቱን ማውጣቱ አይቀርም።

የሚያዘገይ ሰው ሦስት ዓይነት ነው። አንዱ እጁ ላይ የለውም። አንዱ በሥራው ቅር ብሎታል፣ ግን አፍ አውጥቶ አልተናገረም። አንዱ ላለመክፈል ወስኗል። ሦስቱም መጀመሪያ የሚሉት አንድ ነው፤ «ትንሽ ታገሰኝ»። መለያው እንዲህ ነው። የሌለው ሰው ትንሽ ብር ይሰጣል፣ ስልክም ያነሳል። ቅር ያለው ሰው ስለ ገንዘቡ ስትጠይቁት ስለ በሩ ያወራል። ሦስተኛው ስልክ አያነሳም፤ ሲያነሳም በየጊዜው አዲስ ምክንያት ያመጣል።

የኔው ሰውዬ ዘንድ የሄድኩት ከሠርጉ አሥር ቀን በኋላ ነው። «ገንዘቡ ይደርሳል፣ ግን ይሄ በር መሬት ይነካል» አለኝ። ሄጄ አየሁት። እውነቱን ነው። የግራው ተከፋች ወርዶ መሬቱን ይፍቃል። ማጠፊያዎቹን በውሃ ልክ ለካኋቸው፤ ከላሜራው ጋር ልክ ናቸው። ወደ በሩ ያዘመመው ኮለኑ ነው። ግንበኛው ከሠራው አንድ ሳምንት እንኳ ሳይሞላው ነበር የገጠምንበት። ጥፋቱ የግንበኛው ነው ብዬ መሄድ እችል ነበር። ግን ኮለኑ ገና እርጥብ መሆኑን እያየሁ የገጠምኩት እኔ ነኝ። በማግስቱ ግራይንደርና የብየዳ ማሽን ይዤ ሄድኩ። የታችኛውን ማጠፊያ ነቅዬ አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል አወጣሁት። ሁለት ሰዓት ፈጀ። በሩ በአንድ ጣት የሚከፈት ሆነ።

ከመጀመሬ በፊት ግን አንድ ነገር አደረግሁ። «ይህ ከተስተካከለ ሌላ ቅሬታ አለዎት?» ብዬ ጠየቅሁ። «የለኝም» አለ። ያንን በቴሌግራም ጻፍኩለት፦ «ዛሬ የበሩን መውረድ አስተካክያለሁ። ሌላ ቅሬታ እንደሌለ ተነጋግረናል። ቀሪ 36,000 ብር።» እሱም «እሺ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብሎ መለሰ። ያቺ መልስ በኋላ ዋጋ አወጣች። ዕዳውን አልካደም ማለት ነው።

ቅሬታ ሳይፈታ ገንዘብ አትጠይቁ። ቅሬታውን ስትፈቱ ደግሞ መጨረሻው እንዲሆን አስረግጣችሁ ጻፉ። አለበለዚያ በሩ ሲያልቅ ቀለሙ፣ ቀለሙ ሲያልቅ ቁልፉ ይመጣል።

አምስተኛ፦ አጠያየቅ

«መቼ ነው የሚከፍሉኝ?» አትበሉ። መልሱ «ሰሞኑን» ነው። «ደመወዝ ሲገባ ስንት ማግኘት እችላለሁ?» በሉ። ይህ ቀንና መጠን ያመጣል። የሰውየው ገቢ መቼ እንደሚገባ እወቁ። ደመወዝተኛ ከሆነ የወሩ መጨረሻ ነው። ነጋዴ ከሆነ ከበዓል በኋላ ይሻላል።

ተከፋፍሎ ይክፈል ካለ ተቀበሉ። እያንዳንዷን ክፍያ ግን በመልእክት ዝጉ። እኔ የካቲት ላይ 6,000 ስቀበል እንዲህ ብዬ ላክሁ፦ «ከ36,000 ብር ውስጥ 6,000 ደርሶኛል። ቀሪው 30,000 ነው። አመሰግናለሁ።» ይህ ጨዋነት ብቻ አይደለም። ከፊል ክፍያ ዕዳን ማመን ነው፤ የመክሰሻ ጊዜ ገደቡን፣ ማለትም ይርጋውንም ያቋርጣል። ስለ ጊዜ ካነሳን አይቀር ይህን ያዙ፦ የውል ጥያቄ በጠቅላላው 10 ዓመት ይርጋ አለው። ነገር ግን ሕጉ እንደኛ ላለ የእጅ ባለሙያ የሚከፈልን የሥራ ዋጋ 2 ዓመት ካለፈው እንደተከፈለ ይገምተዋል። «አብረን ነን፣ የት ይሄዳል» እያሉ ሁለት ዓመት ማሳለፍ አደጋ ነው። የተፈረመ የዕዳ ማመኛ ካላችሁ ግን ይህ አያሰጋችሁም።

ከዚያ 6,000 በኋላ ሰውየው ዝም አለ። መጋቢት ሙሉ ስልክ አላነሳም።

ስድስተኛ፦ ሽማግሌ

ሽማግሌ ስትመርጡ ዕድሜውን ብቻ አትዩ። ደንበኛው ፊቱ ማፈር የማይፈልገው ሰው ማን ነው? ከሁሉ የሚሻለው መጀመሪያ ያገናኛችሁ ሰው ነው። ሥራውን ያመጣው እሱ ስለሆነ የሁለታችሁም ነገር ይከብደዋል። ካልሆነ የዕድር ዳኛ፣ ወይም የሰፈር ትልቅ ሰው። አንድ ወይም ሁለት ሰው ይበቃል። አምስት ሰው ይዛችሁ ከሄዳችሁ ክስ ይመስላል፤ ሰውየው ይደነድናል። መሥሪያ ቤቱ ሄዶ ለአለቃው መንገርም አይመከርም። የሚያዋርዱት ሰው ለመክፈል ሳይሆን ለመበቀል ነው የሚያስበው።

ለሽማግሌው ወረቀቱን፣ መልእክቶቹንና የተከፈለውን ሂሳብ በአንድ ገጽ ስጡት። ስሞታ አታብዙ። እኔ ያገናኘኝን ጎረቤቱን ነው የያዝኩት። ቅዳሜ ጠዋት ቤቱ ሄድን። ሰውየው ሠርጉ ዕዳ ውስጥ እንደከተተው ተናገረ። አሳዘነኝ። ግን ልጆቼም ትምህርት ቤት አላቸው። ጎረቤቱ «በል እንግዲህ፣ በየወሩ አሥር አሥር ሺህ ትሰጠዋለህ» ብሎ ቆረጠው።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተቃቅፎ፣ ቡና ጠጥቶ ይወጣል። አትውጡ። የሽምግልና ቃል በማግስቱ ይለሳለሳል። እዚያው እንዲህ ተጻፈ፦

«እኔ … ለግቢ በር ሥራ ያልከፈልኩት 30,000 ብር እንዳለብኝ አምናለሁ። ሚያዝያ 30፣ ግንቦት 30 እና ሰኔ 30 ቀን 2016 ዓ.ም. በየወሩ 10,000 ብር እከፍላለሁ። አንዱን ቀን ካሳለፍኩ ቀሪው በሙሉ በአንድ ጊዜ ይጠየቃል።»

እሱ ፈረመ፤ ጎረቤቱና ሌላ አንድ ሰው በእማኝነት ፈረሙ። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አትርሱ። እሷ ከሌለች በእያንዳንዱ ወር አዲስ ድርድር ትጀምራላችሁ።

በዚህ ሰዓት ቼክ ልስጥህ የሚል አለ። ቼክ ከባድ ነገር ነው። በቂ ገንዘብ ሳይኖር ቼክ መጻፍ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 693 ያስቀጣል። ሰውየው ገንዘብ እንደሌለው እያወቃችሁ በቼክ ማሰር ከባላንጣነት አይለይም። የተፈረመ የዕዳ ማመኛ ይበቃችኋል።

ሰባተኛ፦ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ

ሚያዝያና ግንቦት በቀኑ ከፈለ። ሰኔ 30 አለፈ። ደወልኩ፤ አላነሳም። ሐምሌ 5 ማስጠንቀቂያ ጻፍኩ።

ሕጉ ውል አልተፈጸመልኝም ብሎ ከመጠየቅ በፊት ሌላውን ወገን በማስጠንቀቂያ መጠየቅን ይፈልጋል። ደብዳቤው አጭር ይሁን፦ የትኛው ሥራ፣ የትኛው ስምምነት፣ ስንት ተከፈለ፣ ስንት ቀረ፣ እስከ መቼ ይከፈል። 15 ቀን መስጠት ደህና ነው። «ካልሆነ በሕግ እጠይቃለሁ» የምትለው አንዲት ዓረፍተ ነገር ትበቃለች። ስድብ፣ ዛቻ፣ «ቤተሰብህን አውቃለሁ» የሚል ነገር ከገባበት እናንተው ተከሳሽ ትሆናላችሁ።

ሁለት ቅጂ አድርጉ። አንዱን ስጡት፤ በሌላው ላይ «ደርሶኛል» ብሎ ይፈርም። እምቢ ካለ በፖስታ ቤት በአደራ ደብዳቤ ላኩና የላካችሁበትን ወረቀት ያዙ።

ስምንተኛ፦ ፍርድ ቤት ወይስ መተው?

ሂሳቡን ቁጭ ብላችሁ ሥሩ። የቀረው ገንዘብ ስንት ነው? የዳኝነት ክፍያ፣ ለአቤቱታ ጸሐፊ የሚከፈል፣ ደግሞም በየቀጠሮው ወርክሾፕ የምትዘጉበት ቀን አለ። እኔ አንድ ቀን ስዘጋ የማጣውን አውቃለሁ። ለ8,000 ብር አልሄድም። ለ30,000 የተፈረመ ወረቀት ይዤ እሄዳለሁ። ፊርማ ካለ ነገሩ ያጥራል፤ በጽሑፍ የታመነ የገንዘብ ዕዳ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ በአጭር ሥነ ሥርዓት የሚታይበት መንገድ አለ። ወረቀት ከሌለ እማኞች መጥራት አለ፤ ይረዝማል።

ክሱ ብዙ ጊዜ የሚቀርበው ተከሳሹ በሚኖርበት አካባቢ ባለው ፍርድ ቤት ነው። ከመክፈላችሁ በፊት ሬጅስትራር ጋ ሄዳችሁ የትኛው ፍርድ ቤት እንደሚያየው ጠይቁ። ተሳስቶ ከፍቶ እንደገና መጀመር ያናድዳል።

አንድ ነገር ግን ፈጽሞ አታድርጉ። በሩን ነቅላችሁ አታምጡ። ይህን ያደረገ የሙያ ጓደኛ አለኝ። ሌሊት ሄዶ የራሱን በር ነቀለ። ገንዘቡ የሱ ነበር፤ ፖሊስ ጣቢያ ያደረው ግን እሱ ነው። የሰውየውን ፎቶ ቴሌግራም ላይ ለጥፎ «ሌባ» ማለትም ያው ነው። ዕዳ ያለበት ሰው ሌባ አይባልም፤ የስም ማጥፋት ክስ ያመጣባችኋል።

እኔ ፍርድ ቤት አልደረስኩም። ማስጠንቀቂያው በደረሰው በስድስተኛው ቀን ሰውየው ራሱ ወርክሾፕ መጣ። 7,000 ብር ቆጥሮ ሰጠኝና «ሦስቱን ሺህ ማርልኝ» አለ። ትንሽ አሰብኩ። ለ3,000 ብር ሌላ ወር መመላለሱ አላዋጣኝም፤ እሱም በእግሩ መጥቷል። «ይሁን» አልኩ። ከዚያ የካርቦን ደብተሬን አወጣሁ፦ «7,000 ብር ተቀብያለሁ። ቀሪውን 3,000 ብር ምሬያለሁ። ከዚህ በር ሥራ የምጠይቀው ገንዘብ የለኝም።» ፈርሜ ቅጂውን ሰጠሁት። ቀድሞ የፈረመውን የዕዳ ማመኛ እፊቱ ቀደድኩት። በመስከረም ለእህቱ ቤት የመስኮት ብረት ሊያሠራ መጣ። ላሜራና ቱቦላሬውን ደምሬ ነገርኩት፤ ሙሉውን ቀድሞ ከፈለ።